ግምት የማያስገባ «አዛምድ» ምንድን ነው?

«በ‹ሀ› ስር ያሉትን በ‹ለ› ስር ካሉት ጋር አዛምድ።» ይህን መመሪያ የማያስታውስ የለም። በግራ አምስት ጥያቄ፣ በቀኝ አምስት መልስ። አራቱን ያወቀ ተማሪ አምስተኛውን በነፃ ያገኛል፤ የቀረችውን ፊደል መጻፍ ብቻ ነው። ግምት የማያስገባ አዛምድ የሚባለው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ታስቦ የተዘጋጀው ነው።

የታሪክ ፈተና እናውጣ። በ«ሀ» ስር የጎንደር ፋሲል ግንብ፣ የመቅደላ ውጊያ፣ የመተማ ውጊያ፣ የአድዋ ድል እና የ1923ቱ ሕገ መንግሥት አሉ። ጥያቄው እያንዳንዱ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደሆነ ነው። በ«ለ» ስር ፋሲለደስ፣ ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ 4ኛ፣ ምኒልክ እና ኃይለ ሥላሴ ብቻ ቢቀመጡ፣ ሦስቱን የሚያውቅ ተማሪ ሁለት ጥያቄና ሁለት ስም ይቀሩታል። ዝም ብሎ ቢሞላ እንኳ ሁለቱንም የማግኘት ዕድሉ ግማሽ ነው። አሁን ልብነ ድንግልን፣ ታላቁ ኢያሱንና ተክለ ጊዮርጊስን እንጨምር። ለሁለት ጥያቄ አምስት ስም ይቀራል፤ ሁለቱንም በግምት የመምታት ዕድሉ ከ20 አንድ ይሆናል።

የስሙ ብዛት ብቻውን ግን ዋጋ የለውም። የተጨመሩት «ጣና ሐይቅ» እና «1888» ቢሆኑ ማን ይሳሳታል? ንጉሥ ሲጠየቅ ሐይቅ የሚመርጥ የለም። ሁሉም መልስ ከአንድ ወገን መሆን አለበት፤ ያላጠና ተማሪ «ይሄም ሊሆን ይችላል» እንዲል።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። «የቁስቋምን ቤተ መንግሥት ያስገነባች» ብለን ጽፈን፣ በ«ለ» ስር ሴት ምንትዋብ ብቻ ከሆነች፣ «ች» የምትለዋ ፊደል መልሱን ነገረች ማለት ነው። «ያስገነቡ» ብሎ በአንቱታ መጻፍ ፍንጩን ያጠፋዋል። ወይም ጣይቱንና ዘውዲቱን መጨመር ነው።

እኩል በእኩል አዛምድ ሌላም ችግር አለበት፤ ብዙ መምህር ልብ የሚለው አይመስለኝም። ፊደል ያልደገመና ሁሉንም የሞላ ተማሪ ከ5 በትክክል 4 ሊያገኝ አይችልም። አንዱን ሲስት የሌላውን መልስ ወስዶበታልና ሁለት ይስታል። ትርፍ መልስ ሲኖር፣ ወይም መመሪያው «አንድ መልስ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊያገለግል ይችላል» ሲል፣ አንድ ስህተት አንድ ነጥብ ብቻ ያስቀንሳል።

ትርፍ መልስ ሲበዛም ተማሪው ጊዜውን በንባብ ይጨርሳል። ለአምስት ጥያቄ ሰባት ወይም ስምንት መልስ ይበቃል፤ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ይሁን። ከፈተናው በኋላ እያንዳንዱን መልስ ስንት ተማሪ እንደመረጠው መቁጠር ነው። ተክለ ጊዮርጊስን አንድም ሰው ካልነካው፣ በሚቀጥለው ዓመት ቦታውን ለሌላ ንጉሥ ይልቀቅ።