«ቫልዩው ሪል፣ ቬክተሩ ኦርቶጎናል» ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

ሊኒየር አልጀብራ የተማረ ሰው ይህችን አባባል ያውቃታል፦ «ማትሪክሱ ሲሜትሪክ ከሆነ ቫልዩው ሪል፣ ቬክተሩ ኦርቶጎናል።» ቤት ስለምትመታ ቶሎ ትያዛለች። ለፈተና ትሸመደዳለች፣ ከፈተናው በኋላ ትረሳለች። እኔ ግን በጣም እወዳታለሁ። ማረጋገጫዋ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ብቻ ነው። ያ ሐሳብ አንዴ ከገባችሁ መሸምደዱ ይቀራል።

መጀመሪያ ቃላቱን እንፍታ። ማትሪክስ ቬክተር ተቀብሎ ሌላ ቬክተር ይመልሳል። ብዙውን ጊዜ የተመለሰው ቬክተር አቅጣጫውም ርዝመቱም ተቀይሯል። አንዳንዶቹ ግን ከመስመራቸው ንቅንቅ አይሉም። ሊረዝሙ፣ ሊያጥሩ ወይም ፊታቸውን ወደ ኋላ ሊያዞሩ ይችላሉ፤ መስመሩ ግን ያው ነው። እነዚህ አይገን ቬክተር ይባላሉ። ስንት እጥፍ እንደተለጠጡ የሚነግረን ቁጥር ደግሞ አይገን ቫልዩ ነው። በቀመር ሲጻፍ `Ax = λx` ነው፤ `x` ዜሮ ቬክተር መሆን የለበትም። «አይገን» የጀርመንኛ ቃል ሲሆን «የራስ» ማለት ነው። ዴቪድ ሂልበርት እ.ኤ.አ. በ1904 በዚህ ትርጉም ተጠቀመበት፣ ከዚያ ወዲህ ስሙ ጸና።

ሲሜትሪክ ማለት በዲያጎናሉ ግራና ቀኝ ያሉት ቁጥሮች እንደ መስታወት ምስል የሚመሳሰሉበት ማትሪክስ ነው። አንደኛው ረድፍ ሁለተኛው ዓምድ ላይ ያለው ቁጥር፣ ሁለተኛው ረድፍ አንደኛው ዓምድ ላይም ይገኛል። ስለዚህ ረድፉን ዓምድ፣ ዓምዱን ረድፍ ብታደርጉት ያው ማትሪክስ ይመለሳል፤ ማለትም `Aᵀ = A` ነው። ኦርቶጎናል ደግሞ ሁለት ቬክተሮች በቀጤ ማዕዘን ሲገናኙ ነው፤ ዶት ፕሮዳክታቸው ዜሮ ይሆናል። አባባሏ ሳትናገር የምታልፈው አንድ ነገር አለ፦ ማትሪክሱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ራሳቸው ሪል መሆን አለባቸው። ወደዚህ እንመለሳለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሰማይ ነው። ፕላኔቶች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ምህዋራቸው በብዙ ሺህ ዓመታት ቀስ እያለ ይለዋወጣል። ላግራንዥና ላፕላስ ይህን ለውጥ ሲያሰሉ ዛሬ የአይገን ቫልዩ ጥያቄ ከምንለው ጋር ተገናኙ። ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ሥሮቹ፣ ማለትም አይገን ቫልዩዎቹ፣ ሪል ካልሆኑ፣ ትንሿ መዛባት እየበዛች የምትሄድበት መልስ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1829 ፈረንሳዊው ኦጉስተን ሉዊ ኮሺ በዚሁ የፕላኔቶች ጉዳይ ላይ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሲሜትሪክ ከሆነ መጠኑ ምንም ያህል ቢሆን ሥሮቹ ሪል መሆናቸውን አረጋገጠ። የሚገርመው «ማትሪክስ» የሚለው ስም ራሱ ገና አልነበረም። ስሙን ሲልቬስተር ያወጣው በ1850 ነው።

አሁን በእጃችን እንንካው። ሁለት በሁለት የሆነ ማትሪክስ እንውሰድ፦

```
A = | 2  2 |
    | 2  5 |
```

አይገን ቫልዩ ለማግኘት ከዲያጎናሉ ላይ `λ` ቀንሰን ዲተርሚናንቱን ዜሮ እናደርጋለን፦

```
(2 - λ)(5 - λ) - 2·2 = 0
λ² - 7λ + 6 = 0
λ = 1  ወይም  λ = 6
```

ሁለቱም ሪል ናቸው። ለ6 የሚሆነው ቬክተር (1, 2) ነው። ብታባዙት (6, 12) ይመጣል፣ በትክክል ስድስት እጥፍ። ለ1 የሚሆነው (2, -1) ነው፤ ብታባዙት ራሱ ይመለሳል። ዶት ፕሮዳክታቸው `1·2 + 2·(-1) = 0` ነው። ቀጤ ናቸው።

ይህ በአጋጣሚ ነው? አይደለም። ዲያጎናሉ ላይ `a` እና `c`፣ ከዲያጎናሉ ውጪ `b` እና `d` ይኑሩ። በካሬ ሥሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር `(a - c)² + 4bd` ነው። ሲሜትሪክ ሲሆን `d` ራሱ `b` ስለሆነ `(a - c)² + 4b²` ይሆናል። የሁለት ካሬዎች ድምር በፍጹም ከዜሮ በታች አይወርድም። ሲሜትሪው ሲጠፋ ግን ዋስትናው አብሮ ይጠፋል። ላይ -1፣ ታች 1፣ ዲያጎናሉ ላይ ዜሮ አድርጉ። ቀመሩ -4 ይሰጣል፣ አይገን ቫልዩዎቹም `i` እና `-i` ይሆናሉ። ይህ ማትሪክስ ቬክተርን ሁሉ 90 ዲግሪ ያዞራል፤ በመስመሩ የሚቆይ ሪል ቬክተር ከየት ይምጣ?

ሦስት በሦስት፣ መቶ በመቶ ሲሆን ግን በካሬ ሥር መጫወት አያዋጣም። እዚህ ነው ያ አንድ ሐሳብ የሚመጣው፦ *አንዱን ቁጥር በሁለት መንገድ አስሉት።* ሲሜትሪክ ማትሪክስ በሁለት ቬክተሮች መሃል ሲቆም ቀኙንም ግራውንም ማባዛት ይችላል፣ ውጤቱ አይለወጥም። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

የመጀመሪያውን ክፍል እናረጋግጥ። `A` ሪልና ሲሜትሪክ ይሁን፤ `Ax = λx` ይሁን። `λ` ሪል መሆኑን ገና አናውቅም፤ ስለዚህ እሱም `x`ም ኮምፕሌክስ ሊሆኑ እንደሚችሉ እንቀበል። ኮንጁጌትን በላዩ ላይ በሚሰመር መስመር እናመልክት፤ ያ ማለት `i` ያለበትን ሁሉ `-i` ማድረግ ነው። አሁን `x̄ᵀAx` የምትባለዋን አንዲት ቁጥር እንያዝ።

አንደኛ መንገድ፣ ወደ ቀኝ። `Ax` ማለት `λx` ስለሆነ

```
x̄ᵀAx = λ x̄ᵀx
```

ሁለተኛ መንገድ፣ ወደ ግራ። የ`Ax = λx` ሁለቱንም ጎን ኮንጁጌት እናድርግ። `A` ሪል ስለሆነ አይነካም፤ `Ax̄ = λ̄x̄` ይመጣል። ከዚያ ትራንስፖዝ እናድርገው። `A` ሲሜትሪክ ስለሆነ አሁንም አይነካም፤ `x̄ᵀA = λ̄x̄ᵀ` ይሆናል። በቀኝ በኩል በ`x` ስናባዛ

```
x̄ᵀAx = λ̄ x̄ᵀx
```

ቁጥሯ አንዲት ስለሆነች ሁለቱ መልሶች እኩል ናቸው፦

```
(λ - λ̄) x̄ᵀx = 0
```

`x̄ᵀx` ምንድን ነው? የ`x` ክፍሎች መጠን ካሬ ድምር ነው። `x` ዜሮ ስላልሆነ ይህ ድምር ከዜሮ ይበልጣል። እንግዲያው ዜሮ የሚሆነው `λ - λ̄` ነው። ቁጥር ከኮንጁጌቱ ጋር እኩል ሲሆን የ`i` ድርሻ የለውም። `λ` ሪል ነው። `λ` ሪል ከሆነ ደግሞ `x`ንም ሪል አድርገን መምረጥ እንችላለን፤ ምክንያቱም የምንፈታው እኩልታ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ ሪል ነው።

እዚህ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያቺን ትንሽ መስመር ሲዘላት ነው፤ እኔም መጀመሪያ ስጽፈው ዘልያት ነበር። `x̄ᵀx` በማለት ፈንታ `xᵀx` ብንልስ? ቬክተሩን (1, i) ውሰዱ። `1·1 + i·i = 1 - 1 = 0`። ዜሮ ያልሆነ ቬክተር በራሱ ተባዝቶ ዜሮ ሆነ! ስለዚህ «ከዜሮ ይበልጣል» የሚለው ምሰሶ ይወድቃል። በኮንጁጌት ግን `1·1 + (-i)·i = 2` ነው። ኮንጁጌቱ የገባው ለዚህ ነው።

ማትሪክሱ ራሱ ሪል መሆን ያለበት የት ላይ እንደሆነም አሁን ግልጽ ነው፤ ኮንጁጌት ስናደርግ `A` ካልተነካ ብቻ ነው። ዲያጎናሉ ዜሮ፣ ሌሎቹ ሁለት ቦታዎች `i` የሆነ ማትሪክስ ሲሜትሪክ ነው፣ አይገን ቫልዩዎቹ ግን `i` እና `-i` ናቸው። ኮምፕሌክስ ቁጥር ላለው ማትሪክስ ትክክለኛው መስፈርት ትራንስፖዝ ሲደረግ ኮንጁጌትም አብሮ ተደርጎ ራሱ መመለሱ ነው። ይህን ሻርል ኤርሚት በ1855 አሳየ፤ ማትሪክሶቹም በስሙ ይጠራሉ።

ሁለተኛው ክፍል በዚያው መንገድ ይሄዳል፣ እንዲያውም ይቀላል። `Ax = λx`፣ `Ay = μy` ይሁን፤ `λ` እና `μ` የተለያዩ ይሁኑ። አሁን ሁሉም ሪል ስለሆነ ኮንጁጌት አያስፈልግም። `yᵀAx`ን በሁለት መንገድ እናስላ፦

```
ወደ ቀኝ፦  yᵀ(Ax) = λ yᵀx
ወደ ግራ፦  (Ay)ᵀx = μ yᵀx
```

ሁለቱ እኩል ስለሆኑ `(λ - μ) yᵀx = 0`። `λ` እና `μ` ስለሚለያዩ `λ - μ` ዜሮ አይደለም። ስለዚህ `yᵀx = 0`። ቬክተሮቹ ቀጤ ናቸው። በምሳሌያችን ብታዩት `6·0` እና `1·0` ተገናኙ ማለት ነው፤ 6 እና 1 ሊታረቁ የሚችሉት ዜሮ ላይ ብቻ ነው።

«የተለያዩ ይሁኑ» ያልነው ለምን እንደሆነ ልብ በሉ። አባባሏ በአፍ ስትነገር ይህ ቃል ይወድቅና ሰው ሁሉም አይገን ቬክተሮች ቀጤ ይመስሉታል። ይህን ማትሪክስ ተመልከቱ፦

```
| 2  1  1 |
| 1  2  1 |
| 1  1  2 |
```

አይገን ቫልዩዎቹ 4፣ 1 እና 1 ናቸው። ለ4 የሚሆነው (1, 1, 1) ነው። ለ1 ደግሞ ብዙ ሰው (1, -1, 0) እና (1, 0, -1) ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ለ(1, 1, 1) ቀጤ ናቸው። እርስ በርሳቸው ግን ዶት ፕሮዳክታቸው 1 ነው፣ ማዕዘናቸውም 60 ዲግሪ። ቲዎሪውም አልተሳሳተ፣ ስሌቱም አልተሳሳተ። `λ - μ` ዜሮ ሲሆን እኩልታው ስለ `yᵀx` ምንም አይናገርም፤ ያ ብቻ ነው።

ደግነቱ ይስተካከላል። ለ1 የሚሆኑት ቬክተሮች አንድ ሙሉ ጠለል ይሞላሉ፤ ከጠለሉ ውስጥ የፈለግነውን መምረጥ እንችላለን። ከ(1, 0, -1) ላይ በ(1, -1, 0) አቅጣጫ ያለውን ድርሻ፣ ማለትም ግማሹን (1, -1, 0) እንቀንስ። (½, ½, -1) ይቀራል፤ በ2 ስናባዛው (1, 1, -2)። ከ(1, -1, 0) ጋር አባዙት፣ ዜሮ። ከ(1, 1, 1) ጋር አባዙት፣ ዜሮ። ማትሪክሱን ራሱን አሳርፉበት፣ (1, 1, -2) ሳይነካ ይመለሳል።