ድያፍራም ምንድን ነው? (የጠርሙስ ሳንባ ለምትሰሩ ወላጆች)

ጤና ይስጥልኝ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ከውሃ ፕላስቲክና ከፊኛ ሳንባ እየሰሩ ስለሆነ የላካችሁልኝን ቪዲዮ ሁሉ አይቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። ጠርሙሱ ቂጡ ተቆርጦ ላስቲክ ይወጠርበታል፣ በክዳኑ ቀዳዳ ስትሮው ይገባል፣ በስትሮው ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ፊኛ ይታሰራል። ግን አንድ ነገር ደጋግሞ አናዶኛል። ልጁ ስትሮው ላይ አፉን ይተክልና ይነፋል፣ ውስጥ ያለው ፊኛ ያብጣል፣ ከጀርባ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው «አያችሁ፣ ሳንባ አየር የሚሞላው እንዲህ ነው» ይላል። ኧረ አይደለም! እናንተን ማን ነው አፋችሁ ላይ ሆኖ የሚነፋችሁ?

አንድ አባት ደግሞ «ቲቸር፣ የታችኛው ላስቲክ እኮ መክደኛ ነው፣ አየሩ ሲገባ ገፍቶ ያወርደዋል» ብለው ተከራከሩኝ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ላስቲኩ ድያፍራሙ ነው፣ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰውም እሱ ነው። እውነተኛው ድያፍራም ከሳንባ ስር ከጉበትና ከጨጓራ በላይ የተዘረጋ ስስ ጡንቻ ነው፣ ሲዝናና ወደ ላይ ይጎብጣል፣ ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድ ደረት ውስጥ ያለው ቦታ ይሰፋል፣ ቦታው ሲሰፋ ግፊቱ ከውጭው አየር ትንሽ ያንሳል፣ ያኔ የውጭው አየር ራሱ ይገባል። ሳንባ የሚስፋፋው ደረት ስለሰፋ ነው፣ አየር ስለገባ አይደለም ደረት የሚሰፋው።

የቀጥቃጭ ወናፍ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቀጥቃጩ ቆዳውን ከፍቶ ወደ ላይ ሲያነሳው አየሩ ይገባል፣ ማንም ወናፉ ውስጥ አይተነፍስም፣ የሚሰራው ክንዱ ነው ቆዳው አይደለም። ሳንባም እንደ ቆዳው ነው፣ ክንዱ ድያፍራሙና የጎድን አጥንት ጡንቻዎች ናቸው። ልዩነቱ ወናፉ አየሩን በአንድ በኩል አስገብቶ በሌላ በኩል ወደ እሳቱ ይልካል፣ ሳንባ ግን መግቢያውም መውጫውም አንድ ቱቦ ስለሆነ ሁልጊዜ የተወሰነ አሮጌ አየር ውስጡ ይቀራል። ደግሞ ቀጥቃጩ አየሩን ለማስወጣት ይጫናል፣ እኛ ግን ተረጋግተን ስንተነፍስ ለማስወጣት ምንም ጉልበት አናወጣም፣ የተለጠጠው ሳንባ ራሱ ይሰበሰባል። (ሳንባ ውስጥ ጭራሽ ጡንቻ የለም እያልኩ አይደለም፣ የአየር ቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ አለ፣ አስም ሲነሳ የሚጨብጠው እሱ ነው፣ ግን አየር አያስገባም።)

አሁን ስራው። «ላስቲኩን ስስበው ፊኛው አይነፋም» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ አብዛኛው ጊዜ ክዳኑ ላይ ስትሮው የገባበት ቀዳዳ ያፈሳል። ስትሮውን በጣት ድፈኑና ላስቲኩን ሳቡት፣ ጠንከር ብሎ ከታገላችሁና ስትለቁት ተፈናጥሮ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ዝም ብሎ ከተከተላችሁ ያፈሳል። የት እንደሆነ ለማወቅ ስትሮውን እንደደፈናችሁ የጠርሙሱን አንገት ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ላስቲኩን ወደ ውስጥ ግፉት፣ አረፋ የሚወጣበት ቦታ እሱ ነው፣ ካደረቃችሁ በኋላ በኮላ ወይም በፕላስተር ድፈኑት። የሚያፈሰውን ግን ከመድፈናችሁ በፊት ልጁ ይየው፣ ምክንያቱም ሰው ደረቱን በስለት ሲወጋ የሚሆነው ይኸው ነው፣ ድያፍራሙ ሲወርድ አየሩ በቁስሉ በኩል ገብቶ ሳንባው ዙሪያ ይቀመጣል፣ ሳንባው ደህና ሆኖ ሳለ ይሟሽሻል። ጤነኛ ሰው ላይ በሳንባና በደረት ግድግዳ መሀል ያለው ስስ ፈሳሽ ነው፣ በጠርሙሱ ግን አየር ነው፣ እዚህ ላይ ሞዴሉ ይዋሻል። የጎድን አጥንትም የለውም፣ የማይንቀሳቀስ ደረት ነው።

ሌላው የጠርሙሱ ምርጫ ነው። ከጣና ዳር የሚለቀመውን አታምጡ፣ ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል። አሁን የሚሸጠው ስሱ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ላስቲኩ ሲሳብ ፊኛው በመነፋት ፋንታ የጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህን ግን እንደ ብልሽት ብቻ አትዩት። የትንሽ ልጅ ደረት ለስላሳ ነው፣ በሳንባ ምች ሳንባው ጠጥሮ አልሰፋ ሲለው ድያፍራሙ አጥብቆ ይስባል፣ ያኔ ልጁ አየር ባስገባ ቁጥር የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቤት ውስጥ ታናሽ ላይ ይህን ካያችሁ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ትኩሳት ባይኖረውም።

ለሞዴሉ ጠንከር ያለ የለስላሳ ጠርሙስ ይሻላል። ቂጡን ቆርጣችሁ የምትሰጡት እናንተ ሁኑ፣ ጠርዙን በፕላስተር ጠቅልሉት አለበለዚያ ላስቲኩን ይቀደዋል፣ የውስጡን ፊኛ ደግሞ ከመግባቱ በፊት አንድ ሁለቴ ነፍታችሁ አላሉት፣ አዲስ ፊኛ ግትር ነው። በአፍ መንፋት የተፈቀደው እዚያ ላይ ብቻ ነው።