እቁብ ብድር ነው ወይስ ቁጠባ?

እቁብ ምንድነው ስትለው ብዙ ሰው ቁጠባ ነው ይልሃል፣ ግማሹ እውነት ነው። ሰዎች በየጊዜው እኩል ብር ይጥላሉ፣ የተሰበሰበው እንዳለ ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ ሁሉም ጋ እስኪደርስ ይዞራል፣ በቃ። ለአንተ ቁጠባ ይሁን ብድር ግን የሚወስነው ተራህ ነው።

12 ሰው በወር 1,000 ይጥላል እንበል። መጀመሪያ የደረሰው 12,000 ሲቀበል ከኪሱ የወጣው 1,000 ብቻ ነው፣ ስለዚህ 11,000 ያለወለድ ተበድሮ በ11 ወር እየመለሰ ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ደሞ 11 ወር ሙሉ ሲያበድር ከርሞ የራሱኑ ብር ይቀበላል፣ እሱም ያለወለድ፣ ኑሮ ከተወደደማ ከስሮ። ታዲያ ለምን ይገባል? እጣው ሳይወጣ ማን መጨረሻ እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ብቻህን ብታጠራቅም 12,000 የሚሞላልህ በ12ኛው ወር ነው፣ እቁብ ውስጥ ግን በአማካይ በስድስት ወር ተኩል ይደርስሃል፣ የከፋው እጣ እንኳን ከብቻህ አያዘገይህም።

ባንክ ብድር ስትጠይቀው መያዣ አምጣ፣ የደሞዝ ደብዳቤ አምጣ ይልሃል፣ የሚከዱትን ሰዎች ኪሳራም ከወለዱ ላይ ያካክሳል። እቁብ ይሄ ሁሉ የለውም፣ ያለው ዳኛው፣ ዋሱና መተዋወቁ ነው። እዚ ጋ ሰው የሚስተው ነገር አደጋው ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነው፦ አንደኛው በልቶ ቢጠፋ 11,000 ይዞ ነው የሚጠፋው፣ 11ኛው ግን ቢጠፋም 1,000 ነው። ስለዚህ ብልጥ ዳኛ አዲስ ሰው ቶሎ ቢደርሰውም ዋስ ሳያቀርብ ብሩን አይሰጠውም፣ ዋሱም ገና ያልበላ ሰው ቢሆን ይመርጣል፣ ምክንያቱም ያልበላ ሰው እጣው ራሱ መያዣ ነው፣ ዋስ የሆነለት ከጠፋ ከሱ ድርሻ ይቆረጣል።

ዋስ ከሌለ አንድ ሰው ሲቀር ቀጣዩ 11,000 ይቀበላል፣ ቀድመው የበሉት ደሞ ይሄን አይተው መጣል ይተዋሉ፣ እቁቡ እንዲ ነው የሚፈርሰው። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፣ በተለይ ከበላ በኋላ ማዘግየት የጀመረ ሰውና የዚህን እቁብ ከሌላ እቁብ በደረሰው ብር የሚጥል ሰው።

ሌላው ችግር ብሩ የሚመጣው ስትቸገር ሳይሆን ሲደርስህ መሆኑ ነው። ለዛ ነው እጣ የሚሸጠው፣ አንዳንድ ቦታም በጨረታ የሚሰጠው። አንዱ ቸኩሎ በመጀመሪያው ወር 10,000 ይበቃኛል ብሎ ቢወስድና 2,000ው ለቀሩት 11 ሰዎች ቢከፋፈል፣ የራሱን መዋጮ ስትቀንስ 9,000 ይዞ 11,000 ነው የሚመልሰው። ሲሰላ በወር ወደ 3.5 በመቶ ወለድ ይመጣል (ከኋላ ጨረታዎች የሚደርሰውን ድርሻ ሳንቆጥር)፣ ሰውየው ግን ወለድ ከፈልክ ብትለው አይቀበልህም።