ሰብኮንትራት ምንድን ነው? በኤጀንሲ በኩል መሥራት ወይስ የራስን ደንበኛ መፈለግ

አንድ ድርጅት ድረ ገጽ ማሠራት ፈለገ እንበል። ወደ ኤጀንሲ ሄደ፣ ዋጋ ተነጋገረ፣ ውል ፈረመ። ኤጀንሲው ግን ኮዱን የሚጽፍ ቋሚ ሠራተኛ የለውም። ስለዚህ ለአንድ ፍሪላንሰር ይደውልና "ይህን ሥራልን፣ በሰዓት ይህን ያህል እንከፍልሃለን" ይለዋል። ሰብኮንትራት ማለት ይኼ ነው። የፍሪላንሰሩ ውል ከኤጀንሲው ጋር እንጂ ከድረ ገጹ ባለቤት ጋር አይደለም። ትእዛዙም፣ እርማቱም፣ ክፍያውም የሚመጣለት በኤጀንሲው በኩል ነው።

ቀጥተኛ ደንበኛ ሲሆን ደግሞ መሃል ላይ ማንም የለም። ደንበኛውን የሚያገኘው፣ ዋጋ የሚነጋገረው፣ ገንዘቡ ሲዘገይ ደውሎ የሚጠይቀው ራሱ ሠራተኛው ነው።

በሰብኮንትራት የሚሠራ ሰው አንድ ቀን የሚያበሳጭ ነገር ይሰማል። ኤጀንሲው ከደንበኛው በሰዓት 100 እየተቀበለ ለእሱ 50 ነው የሚሰጠው። (ቁጥሩን በፈለጋችሁት ገንዘብ አንብቡት።) "ግማሹን በሉብኝ" ብሎ ቢናደድ አይፈረድበትም። እኔም ተናድጄ ነበር። ግን ያ ግማሽ የት እንደሚገባ እስካላየን ድረስ ሁለቱን መንገዶች በትክክል ማወዳደር አንችልም። ደንበኛውን ያፈላለገ ሰው አለ። ሥራ ሳያመጡ የቀሩ ፕሮፖዛሎችን የጻፈ ሰው አለ። ደንበኛው በየሳምንቱ ሐሳቡን ሲቀይር ስልክ የሚያነሳም አለ። ይህ ሁሉ ሰዓት ይበላል፣ ማንም ግን ለብቻው አይከፍልበትም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንዲት ዌብ ዴቬሎፐር በወር 160 ሰዓት ትሠራለች። በኤጀንሲ በኩል ስትሠራ ለ130ው ሰዓት ይከፈላታል። የቀረው በስብሰባ፣ በኢንቮይስና መልስ በመጠበቅ ያልፋል። 130 ሰዓት በ50 ሲባዛ 6,500 ይሆናል። ይህ ለ160 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት ወደ 41 ገደማ ነው። እውነተኛ ተመኗ 50 ሳይሆን 41 ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የራሷን ደንበኛ ስትፈልግ እንያት። ኤጀንሲ ስላልሆነች 100 አትጠይቅም፣ 85 ትጠይቃለች። የመጀመሪያው ሥራ 40 ሰዓት ይፈጃል፣ 3,400 ታገኝበታለች። ነገር ግን ሥራውን ለማግኘት፣ ለመነጋገርና ውሉን ለመጨረስ 25 ሰዓት ፈጅቶባታል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሦስት ሰዎች ፕሮፖዛል አስጽፈዋት ጠፍተዋል፤ እያንዳንዱ 10 ሰዓት ወስዷል። ሲደመር 95 ሰዓት ሆነ። 3,400 ለ95 ሲካፈል 36 አይሞላም። በ85 ሠራሁ ብላ የምታስበው ሥራ ከኤጀንሲው በታች ከፍሏታል።

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው። ሒሳቡ ግን አላለቀም። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ደንበኛ ሌላ የ40 ሰዓት ሥራ ይዞ ይመጣል። አሁን ማፈላለግ የለም፣ ራስን ማስተዋወቅ የለም፣ የሚጠፋ ፕሮፖዛልም የለም። ያለ ክፍያ የሚሄደው 5 ሰዓት ገደማ ነው። 3,400 ለ45 ሲካፈል ከ75 በላይ ይሆናል።

ስለዚህ የቀጥተኛ ደንበኛ ጥቅም ያለው ተመልሶ ሲመጣ ነው። ሁለቱን መንገዶች ስትመዝኑ የሰዓት ተመኑን ከማየታችሁ በፊት "የእኔን ሥራ አንድ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ይፈልገዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ድረ ገጽ የሚጠግን፣ በየወሩ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ፣ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ደንበኛው ይመለሳል። አንዴ ብቻ የሚሠራ ሎጎ የሚነድፍ ሰው ግን ሁልጊዜ በመጀመሪያው ሒሳብ ላይ ነው የሚቆየው። እንዲህ ላለው ሰው ኤጀንሲ መጥፎ ምርጫ አይመስለኝም።

በሰብኮንትራት ስትሠሩ ደንበኛው ሲመለስ የሚመለሰው ወደ ኤጀንሲው ነው። ይህን ያየሁት በራሴ ነው። ለአንድ ኤጀንሲ ሁለት ዓመት ያህል የአንድ ደንበኛን ድረ ገጽ ስይዝ ቆየሁ። የኢሜይል አድራሻዬ በኤጀንሲው ስም የተከፈተ ነበር። ስብሰባ ላይ "ከቡድናችን ነው" ተብዬ ነበር የምተዋወቀው። የድረ ገጹን እያንዳንዱን ጓዳ አውቀዋለሁ፤ ደንበኛው ግን የአባቴን ስም እንኳ አያውቅም። አንድ ቀን ኤጀንሲውና ደንበኛው ተለያዩ። ለእኔ የደረሰኝ ባለ ሦስት መስመር ኢሜይል ነበር፣ ከገቢዬ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም በዚያው ቀረ።

ታዲያ ደንበኛውን ለምን በቀጥታ አላነጋገርኩትም? ውሉ ይከለክል ነበር። አብዛኛው የሰብኮንትራት ውል የኤጀንሲውን ደንበኛ መውሰድ የሚከለክል አንቀጽ አለው፤ ብዙ ጊዜም ውሉ ካለቀ በኋላ ለ12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። አንቀጹ ተገቢ ነው፣ ደንበኛውን ያመጡት እነሱ ናቸውና። ማየት ያለባችሁ ስፋቱን ነው። "የኤጀንሲውን ማንኛውንም ደንበኛ" የሚል ከሆነ፣ ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቋቸው ድርጅቶች ሁሉ ተዘግተውባችኋል ማለት ነው። "ሰብኮንትራክተሩ በቀጥታ የሠራላቸውን ደንበኞች" ተብሎ እንዲጠብ ጠይቁ። እኔ ከጠየቅኳቸው አብዛኞቹ ያለ ክርክር አስተካክለውልኛል። በዚያው አጋጣሚ የሠራችሁትን በስማችሁ እንደ ናሙና ማሳየት እንድትችሉም አስጽፉ። ያለዚያ ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ለቀጣዩ ደንበኛ የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም።

ሌላው አንቀጽ "ክፍያ የሚፈጸመው ደንበኛው ለኤጀንሲው ሲከፍል ነው" የሚለው ነው። ከኤጀንሲ ጋር መሥራት ካሉት ጥቅሞች ትልቁ ገንዘቡ በወቅቱ መምጣቱ ነው። ይህ አንቀጽ ያንን ጥቅም ይወስደዋል። የማታውቁት፣ ደውላችሁ ልትጠይቁት የማትችሉት ሰው እስኪከፍል ትጠብቃላችሁ። ኢንቮይስ በገባ በ30 ቀን ይከፈል የሚል ቁርጥ ያለ ቀን ካልተጻፈ 50ው በእርግጥ 50 አይደለም።

ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የፈለገ ሰው በአንድ ቀን አይዝለል። እኔ የሠራልኝን ልንገራችሁ። አራቱን ቀን ለኤጀንሲ ሰጠሁ፣ ረቡዕን ለራሴ ያዝኩ። ረቡዕ ላይ የኤጀንሲ ስልክ አላነሳም። መጀመሪያ የጻፍኩት ለማላውቃቸው ሰዎች ሳይሆን ድሮ አብረን ለሠራን፣ አሁን ሌላ ቦታ ላሉ ሰዎች ነው። ለአራት ሳምንት እያንዳንዱን ሰዓት "የተከፈለበት" እና "ያልተከፈለበት" ብዬ በሁለት ዓምድ መዘገብኩ፤ ላይ ያለውን ዓይነት ሒሳብ መሥራት የቻልኩት በዚያ ነው። ከመጀመሪያው ወሬ እስከ መጀመሪያው ቅድመ ክፍያ 11 ሳምንት ፈጀ። ቅድመ ክፍያው 40 በመቶ ነበር፣ እሱ ሳይገባ ሥራ አልጀመርኩም። በእነዚያ 11 ሳምንታት የቤት ኪራዬን የከፈለው ኤጀንሲው ነው።

ያ ደንበኛ ከአምስት ወር በኋላ አጭር መልእክት ላከልኝ። "ባለፈው እንደሠራህልን ዓይነት ለሌላው ቅርንጫፋችንም እንፈልጋለን፣ መቼ ትጀምራለህ?" ይላል። ዋጋውን ተነጋግረን ለመጨረስ 20 ደቂቃ አልወሰደብንም።