የስንብት ደብዳቤ «አልደረሰኝም» እንዳይባል

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ምክንያቱና ውሉ የሚቋረጥበት ቀንም በደብዳቤው ላይ መጻፍ አለባቸው። ደብዳቤው ለሠራተኛው በእጁ ይሰጣል። ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ ደግሞ በሚሠራበት ቦታ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል። ጭቅጭቁ የሚነሳው መሰጠቱን በማስረዳቱ ላይ ነው።

በእጅ ሲሰጥ ዋናው ማስረጃ ቀሪው ኮፒ ነው። ሠራተኛው በቀሪው ላይ ስሙን፣ ፊርማውንና የተረከበበትን ቀን በራሱ እጅ ይጽፋል። ቀኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ፊርማ ብቻ ሲኖር ግን መቼ እንደተሰጠ አይታወቅም፤ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ደግሞ መቆጠር የሚጀምረው ደብዳቤው ከተሰጠ ማግስት ካለው የሥራ ቀን ነው። በደብዳቤ መላኪያ መዝገብ ላይ «1 ፖስታ» ተብሎ ቢፈረምም ከውስጡ ምን እንደነበር አያሳይም። ስለዚህ የደብዳቤው ወጪ ቁጥር በመዝገቡ ላይ ይስፈር።

ብዙ ሠራተኛ የማይፈርመው መፈረም መስማማት ስለሚመስለው ነው። አይደለም። «በይዘቱ ሳልስማማ ደብዳቤውን ተረክቤያለሁ» ብሎ መፈረም ይችላል። አሠሪውም ይህን ቢነግረው ግማሹ ግርግር እዚያው ይበርዳል።

4 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ጥር 4 ቀን ደብዳቤውን አይቶ «አልወስድም» ብሎ ወጣ እንበል። ቦታው ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ያዩትን በቃለ ጉባኤ አስፍረው ወዲያው ይፈርማሉ። ሳምንት ቆይቶ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ለክሱ የተዘጋጀ ይመስላል። ደብዳቤው ጥር 5 ይለጠፋል፣ እስከ ጥር 14 ይቆያል፣ ጥር 15 ይነሳል። ሲለጠፍም ሲነሳም ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ቀን ያለው ፎቶም ይነሳል። መሃል ላይ ተቀዶ ቢገኝ 10ሩ ቀን «ተከታታይ» መሆኑ ጥያቄ ውስጥ ይገባል፤ መስታወት ያለው ሰሌዳ ይሻላል። ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያው 2 ወር ነው። ጠንቃቃ አሠሪ ይህን ጊዜ የሚቆጥረው 10ሩ ቀን ካለቀ በኋላ ነው፤ ጥቂት ቀን ደመወዝ ቢያስወጣውም ከክርክር ያድነዋል።

በአደራ ፖስታ የተላከ ደብዳቤ፣ ማለትም ሪኮማንዴ፣ ደረሰኝ አለው። ግን ደረሰኙ የሚያሳየው ፖስታ መላኩን እንጂ የተጻፈበትን አይደለም። የቴሌግራም መልእክትም ሁለት ምልክት ቢያሳይ ደጋፊ ማስረጃ ከመሆን አያልፍም። አዋጁ በእጅ ስጥ፣ ካልተቻለም ሰሌዳ ላይ ለጥፍ ስለሚል፣ ሁለቱም በዚያ ላይ ቢጨመሩ እንጂ ምትክ ባይሆኑ ይመረጣል።

ሥራ የሚለቀው ሠራተኛው ሲሆን ነገሩ ይቀላል። ማስጠንቀቂያውን ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ ይሰጣል፣ አለዚያም ቢሮው ያደርሳል። ሁለት ኮፒ ይዞ መዝገብ ቤት ይሄዳል። አንዱን ያስገባል፣ በሌላው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመትቶ ቤቱ ይዞ ይመለሳል።