የማመንቻ እና የመሙያ ቃላትን ከረቂቅ ማውጣት ምንድን ነው?

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ የሥራ ማመልከቻዋን እንድመለከትላት ሰጠችኝ። በአንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች፤ አሁን የንብረት ክፍል ኃላፊ የሚል ክፍት ቦታ አይታ መወዳደር ፈልጋለች። የደብዳቤዋ ዋና አንቀጽ ይህ ነበር፦

«በመጀመሪያ ደረጃ እንደሚታወቀው የንብረት አያያዝ ለአንድ ተቋም እጅግ በጣም ወሳኝ መሆኑ ግልጽ ነው። ከዚህ አንጻር እኔም በበኩሌ ባለፉት ሦስት ዓመታት በመጋዘን ሠራተኝነት የተወሰነ ልምድ አግኝቻለሁ ብዬ አስባለሁ። በተለይም የቆጠራ ልዩነትን የመቀነስ ሥራ ለመሥራት ጥረት የተደረገ ሲሆን በተወሰነ መልኩ ጥሩ ሊባል የሚችል ውጤት ተገኝቷል ማለት ይቻላል። በመሆኑም ለተጠቀሰው የሥራ መደብ ብቁ ልሆን እችላለሁ የሚል እምነት አለኝ።»

ሰዋስዉ አልተበላሸም። ግን አንብቤ ስጨርስ ልጅቷ በሦስት ዓመት ውስጥ ምን እንደሠራች አላወቅሁም። አንቀጹን ሁለት ዓይነት ቃላት ሞልተውታል። አንዱ መሙያ ነው፤ ቢወጣ ምንም የማይጎድል፣ ቦታ ብቻ የያዘ ቃል። «በመጀመሪያ ደረጃ» እና «እንደሚታወቀው» እንደዚያ ናቸው፤ የሚታወቅ ከሆነ መንገር አያስፈልግም። ሁለተኛው ማመንቻ ነው፤ ጸሐፊው ለተናገረው ነገር ሙሉ ኃላፊነት እንዳይወስድ መውጫ የሚያበጅለት ቃል። «ብዬ አስባለሁ»፣ «በተወሰነ መልኩ»፣ «ማለት ይቻላል» ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለቱን መለየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም መሙያን ሳያስቡ መሰረዝ ይቻላል፣ ማመንቻን ግን ከመሰረዝ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወደ ጥያቄው እመለሳለሁ።

በአማርኛ ማመንቻ የሚደበቅበት ቦታ የታወቀ ነው። ግሳችን ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ስለሆነ ማመንታቱም የሚለጠፈው እዚያው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ረቂቅ ሳርም መጀመሪያ ሙሉውን አላነብም፤ ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በፊት ያሉትን ሦስት አራት ቃላት ብቻ አነባለሁ። የአክስቴን ልጅ አንቀጽ በዚህ መንገድ ስናነበው የሚቀረን «መሆኑ ግልጽ ነው፣ ብዬ አስባለሁ፣ ማለት ይቻላል፣ የሚል እምነት አለኝ» ነው። አራት ዐረፍተ ነገር ናቸው፤ አንዱም በተሠራ ሥራ አልተዘጋም።

ከሁሉም ከባዱ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ነው፤ «የቆጠራ ልዩነትን የመቀነስ ሥራ ለመሥራት ጥረት የተደረገ ሲሆን»። ይህ አነጋገር ከዜና እና ከመሥሪያ ቤት ሪፖርት ወደ ሁላችንም ብዕር የገባ ነው፤ «የጥገና ሥራ እየተሠራ ይገኛል»፣ «የተጀመረበት ሁኔታ ነው ያለው» የሚሉት ወንድሞቹ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ድርጊቱን የያዘው ግስ (መቀነስ) ወደ ስምነት ይለወጣል፤ ቦታው ባዶ ስለሚሆን «ሥራ መሥራት» ወይም «ጥረት ማድረግ» የሚል ድርጊት አልባ ግስ ይተካል፤ ከዚያ ያም ወደ ተደራጊ ይዞርና አድራጊው ይጠፋል። መድኃኒቱ የተገላቢጦሽ ነው። ድርጊቱን የያዘውን ስም ፈልጉ፣ ወደ ግስነቱ መልሱት፣ በሠራው ሰው አርቡት። «የመቀነስ ሥራ ለመሥራት ጥረት ተደርጓል» የሚለው «ቀንሻለሁ» ይሆናል።

እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ጥረት ተደርጓል» ሁልጊዜ መሙያ አይደለም። ሞክራ ያልተሳካላት ከሆነ «ቀንሻለሁ» ውሸት ነው። ስለዚህ ጠየቅኋት፦ «ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም?» «ቀንሷል እንጂ!» አለች፣ ትንሽ ተቆጥታ። «ታዲያ ለምን አትዪውም?» ስላት መልሷ አጭር ነበር፦ «ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛላ።»

ብዙ ሰው የሚያመነታው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ አለማወቅ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታን ሳይነኩ ማመንቻን ብቻ መንቀል የሚያስከትለውን በዚያው ቀን አየሁት። ማታ የላከችልኝ ሁለተኛ ረቂቅ «የመጋዘን ሥራን እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያለ ጥርጥር ለዚህ መደብ ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም» የሚል ነበር። ማመንታቱ ጠፍቷል፤ ግን አሁንም ምን እንደሠራች አላወቅሁም። «ያለ ጥርጥር» እና «ማለት ይቻላል» ተቃራኒ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ማስረጃ ሊቀመጥ በሚገባው ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ንግግር ትዕቢት የሚመስለው ሰው ራሱን ከሌላው ጋር ሲያነጻጽርና ማነጻጸሪያው ሳይታይ ሲቀር ነው።

ይሉኝታዋን በተመለከተ ግን ቋንቋችን የሚያግዝ ነገር አለው። በአማርኛ አድራጊው በግሱ ውስጥ ስላለ «ቀነስኩ» ማለት ብቻውን በቂ ነው። «እኔ ቀነስኩ» ሲባል ሌላው እንዳልቀነሰ ማመልከት ይጀምራል፤ «የቀነስኩት እኔ ነኝ» ደግሞ የባለቤትነት ክርክር ይመስላል። ሦስቱም ስለ አንድ ድርጊት የሚናገሩ ናቸው፤ ትዕቢት የሚሰማው ግን «እኔ» ጎልታ በወጣች መጠን ነው። ስለዚህ ግሱን በራሳችሁ አርቡ፣ «እኔ»ን ግን ንፅፅር ካልፈለጋችሁ በስተቀር አታስገቡ። ትሕትናው እዚያ ጋ ይበቃል፤ ውጤቱን መደበቅ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን ምን እንደሠራች አስቆጠርኋት። መጋዘኑ 410 ዓይነት ዕቃ ይይዛል። በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ሲቆጠር በ37ቱ ላይ መደርደሪያው ላይ ያለው እና የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ የተጻፈው አልገጠመም። ያገኘችው ምክንያት ወጪ የሚመዘገበው ዕቃው ከወጣ ከሰዓታት በኋላ፣ ማታ፣ በትዝታ መሆኑ ነበር። ካርዱ ሳይጻፍ ምንም ዕቃ እንዳይወጣ አደረገች፤ የዓመቱን ቆጠራ ሳትጠብቅም ከባልደረባዋ ጋር በየሳምንቱ 20 ዕቃ መቁጠር ጀመረች። በዚህ ፍጥነት እያንዳንዱ ዕቃ በአምስት ወር ገደማ አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። በቀጣዩ ዓመት ልዩነት የታየው በ9 ዕቃዎች ላይ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ «በተወሰነ መልኩ ጥሩ ሊባል የሚችል ውጤት» በሚል ሐረግ ተሸፍኖ ነበር። «በተወሰነ»፣ «በርካታ»፣ «ከፍተኛ» የሚሉ ቃላት ብዙ ጊዜ ሥራቸው እንዲህ ነው፤ ከበታቻቸው የተቀበረ ቁጥር አለ። ቁጥር ከሌለም ቢያንስ ስም ያለው ነገር አለ።

አሁን ወደ ተውኩት ጥያቄ ልመለስ። ማመንቻ ስታገኙ «ምን ያጠራጥረኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ቃሉን ሰርዙት። መልስ ካላችሁ ግን ጥርጣሬው እውነተኛ ነው፤ ይቆይ፣ ምክንያቱም አብሮ ይጻፍ። አማርኛ የጥርጣሬን ደረጃ በደንብ ይለያል። «ሊሆን ይችላል» በሩን ክፍት ከመተው አያልፍም። «ሳይሆን አይቀርም» ግን ምልክት አይቶ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሰው ንግግር ነው። ያላችሁን ማስረጃ የሚመጥነውን አንዱን መምረጥ ነው። «ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ያለኝ ይመስለኛል» ብሎ መደራረብ ጥርጣሬውን ትክክለኛ አያደርገውም፤ ጸሐፊው የፈራ መሆኑን ብቻ ይናገራል።

አክብሮትም ከማመንቻ ጋር መምታታት የለበትም። «በአክብሮት እጠይቃለሁ» የሚለው ስለ አንባቢው እንጂ ስለ ጸሐፊው እርግጠኝነት የሚናገር አይደለም። ይህን የሰረዘ ደብዳቤ ደፋር አይሆንም፣ ባለጌ ይሆናል። አያያዦችንም በጅምላ አትንቀሉ። «በመሆኑም» በፊቱ ያለው ነገር እውነተኛ ምክንያት ከሆነ ሥራ አለው፤ አውጥታችሁ ድምፅ አሰምታችሁ ስታነቡ ሐሳቡ ከተቆረጠ መልሱት። «ማለት ነው» እና «ምን መሰለሽ» ደግሞ የንግግር እስትንፋስ ናቸው፤ በአፍ ሲነገሩ ችግር የለባቸውም፣ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ግን አንባቢን ያዘገያሉ።

አንቀጹ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ላለፉት 3 ዓመታት 410 ዓይነት ዕቃ በሚይዝ መጋዘን ውስጥ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ቆጠራ በ37 ዕቃዎች ላይ ከቢን ካርዱ ጋር ልዩነት ተገኘ፤ ምክንያቱ ወጪ ማታ በትዝታ መመዝገቡ ነበር። ካርዱ ሳይጻፍ ዕቃ እንዳይወጣ አደረግሁ፤ በየሳምንቱም 20 ዕቃ መቁጠር ጀመርን። በቀጣዩ ዓመት ልዩነቱ ወደ 9 ዕቃዎች ወረደ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የበር ፍተሻም ሳያግዝ አልቀረም። ማመልከቻዬን እንድትመለከቱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ርዝመቱ ከበፊቱ ብዙም አልተለየም፤ መሙያው የያዘውን ቦታ የተሠራ ሥራ ወሰደው። «እኔ» የሚል ቃል አንድም የለም፤ «አደረግሁ» እና «ጀመርን» ግን የእሷን ድርሻ እና የባልደረባዋን ድርሻ ሳያምታቱ ለይተዋል። ብቁ መሆኗንም ራሷ አልተናገረችም፤ ያንን የሚፈርደው አንባቢው ስለሆነ ለእሱ ተትቷል።

ስለ በር ፍተሻው ያለው ዐረፍተ ነገር ላይ ተከራክረናል። «ማመንቻ አውጪ ብለኸኝ ይሄን ታስገባለህ?» አለች። ፍተሻውን ያስጀመረው አስተዳደሩ ነው፤ ከ37 ወደ 9 የወረደው ልዩነት ምን ያህሉ በካርዱ፣ ምን ያህሉ በበሩ እንደቀነሰ እሷም ሆነች ሌላ ሰው ለይቶ አልመዘነም። «ምን ያጠራጥርሻል?» ብዬ ስጠይቃት የመለሰችልኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቆየ። ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው የመጋዘን ሥራ የሚያውቅ ከሆነ «ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱን ቀድሞ ወረቀቱ ላይ ያገኘዋል።