ጂፒኤስ ለምን አራት ሳተላይት ይፈልጋል?

ብዙ ሰው ስልኩ ወደ ሳተላይት መልእክት የሚልክ ይመስለዋል። አይልክም፤ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እያንዳንዱ ሳተላይት «እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱ ይህ ነው» እያለ ይለፍፋል። ስልኩ ምልክቱ በመንገድ የቆየበትን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት ያባዛል። 0.07 ሰከንድ ከፈጀ ሳተላይቱ 21,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው።

ቦታን ለማወቅ የሦስት ሳተላይት ርቀት ይበቃ ነበር። ጣጣው የስልኩ ሰዓት ነው። ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ተሸክመዋል፤ የኛ ስልክ ያለው ግን ርካሽ ኳርትዝ ነው። በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛባል። ደግነቱ ስህተቱ በሁሉም ርቀቶች ላይ እኩል ነው። ስለዚህ ስልኩ አራተኛ ሳተላይት ይጨምርና አራቱም ርቀቶች አንድ ነጥብ ላይ እስኪገጥሙ ሰዓቱን ያስተካክላል።

ፎቅ መሀል ስንቆም ግን ምልክቱ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ዘግይቶ ይደርሳል። ያኔ ካርታው ላይ ያለንበትን የምታሳየው ሰማያዊዋ ነጥብ ከመንገዱ ማዶ ትዘላለች።